ምዕራፍ ሰባት፦ የቲማቲሙ ቅጠል ለምን ጠቆረ?

ስለ ጓሮ አትክልት ሰዎች በስልክ ከሚላላኳቸው ፎቶዎች መካከል አንዱ በየጊዜው ይደጋገማል፦ አንድ የቲማቲም ቅጠል፣ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ጠባሳ፣ ከሥሩ ደግሞ «ምን ልርጭበት?» የሚል አጭር ጥያቄ። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በዚያ ፎቶ ብቻ መመለስ አይቻልም። የቲማቲምን ቅጠል በተመሳሳይ ቡናማ የሚያደርጉ ቢያንስ ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱ ትል ነው፤ ሌላው ፈንገስ ነው፤ ሦስተኛው ፈንገስ ይመስላል እንጂ ፈንገስ ያልሆነ ረቂቅ ሕይወት ነው። ለትሉ የተገዛ መድኃኒት ፈንገሱን አይነካውም፤ ለፈንገሱ የተገዛውም ትሉን አይገድለውም። ሦስተኛው ደግሞ አንዴ ቅጠሉ ውስጥ ከገባ በኋላ በጓሮ ደረጃ የሚያድነው ርጭት የለም።

ስለዚህ «ምን ልርጭ?» ከማለት በፊት «ይህ ጠባሳ የማን ነው?» ማለት ይቀድማል። ደግነቱ ሦስቱም የየራሳቸውን አሻራ ጥለው ያልፋሉ፤ አሻራውም በተራ የእጅ ስልክ ፎቶ ሊያዝ ይችላል። የሚያስፈልገው የት ማየት እንዳለብን ማወቅ ነው።

ሦስቱ ተጠርጣሪዎች

የመጀመሪያው ቱታ ነው፤ ሙሉ ስሙ ቱታ አብሶሉታ ይባላል። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ የሆነ የእሳት ራት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ውስጥ ታየ፤ ከዚያ የሜዲትራኒያንን ዙሪያ አዳርሶ በ2012 ኢትዮጵያ ደረሰ። ራቷ ግራጫ ናት፤ ርዝመቷም ከግማሽ ሳንቲሜትር ብዙ አይበልጥም። ቀን ቀን በቅጠል መካከል ተሸሽጋ ስለምትውል አብዛኛው ሰው አያያትም። ጉዳቱን የሚያደርሰው ትሏ ነው። ትሉ ከእንቁላሉ እንደወጣ ቅጠሉን ይበሳና በላይኛውና በታችኛው ቆዳ መካከል ይገባል። ሁለቱን ቆዳዎች ሳይነካ መሐል ያለውን አረንጓዴ ክፍል ይበላል። በዚህ ምክንያት መጀመሪያ የሚታየው ነጣ ያለና ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ ቦታ ነው። ቀናት ሲያልፉ ያ ቦታ ደርቆ ቡናማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከሩቅ ላየው ሰው በሽታ ይመስላል። ውስጡ ግን ይለያል፤ ትሉ የበላበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ኩስ ተጠራቅሞበት ይገኛል።

እዚህ ላይ ቱታን ከሌላ ዘመዱ ካልሆነ ቅጠል ሰርሳሪ መለየት ያስፈልጋል። በቅጠሉ ላይ የሚታየው ጠመዝማዛ ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ከሆነ የአንዲት ትንሽ ዝንብ ትል ሥራ ነው። ይህኛው መልኩ ያስደነግጣል እንጂ ጠንካራ ተክል ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል። የቱታ ቁፋሮ እንደ መስመር አይቀጥንም፤ እየሰፋ ሄዶ ቅርጽ የሌለው ጠባሳ ይሆናል። ከዚህም በላይ ቱታ ወደ ፍሬውና ወደ ለጋው ጫፍ ይሻገራል፤ ፍሬው ላይ፣ በተለይ በቆቡ ሥር፣ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ቀዳዳ ይተዋል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ አልተርናሪያ የሚባል ፈንገስ ነው። ባለሙያዎች በሽታውን ኧርሊ ብላይት ይሉታል፤ እኛ በዚህ ምዕራፍ የቀለበት በሽታ እንበለው፤ መለያው ቀለበት ነውና። ጠባሳው ጥቁር ቡናማና ክብ ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት ተቆርጦ የወደቀ ግንድ ላይ እንደሚታየው እርስ በርስ የተከበቡ ቀለበቶች አሉት። ብዙ ጊዜም ዙሪያው ቢጫ ነው። ይህ በሽታ ከታች ይጀምራል። ፈንገሱ ባለፈው ወቅት ከቀረ የቅጠል ርዝራዥ ጋር አፈር ላይ ይቆይና ዝናብ ወይም የማጠጫ ውሃ አፈሩን ሲያፈናጥረው ወደ ታችኞቹ፣ ወደ አረጁት ቅጠሎች ይደርሳል። ከዚያ ቀስ እያለ፣ በሳምንታት ሒሳብ፣ ወደ ላይ ይወጣል።

ሦስተኛው ምች ነው፤ በባለሙያ አነጋገር ሌት ብላይት። አምጪው ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ያን ታላቅ ረሀብ ያስከተለው እሱ ነው። ድንችና ቲማቲም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ስለሆኑ ሁለቱንም ያጠቃል፤ ድንች ማሳ አጠገብ ያለ ቲማቲም በክረምት ቶሎ የሚመታውም ለዚህ ነው። የምች ጠባሳ ቀለበት የለውም። ሰፊና ድንበሩ ያልጠራ ነው፤ መጀመሪያ ውሃ የነካው መስሎ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል። ብዙ ጊዜ ከቅጠሉ ጠርዝ ወይም ጫፍ ይነሳል። አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ሲሆን፣ በተለይ ሙቀቱ ከ15 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለበት ጊዜ፣ ጠዋት የቅጠሉን ጀርባ ሲገልጡ በጠባሳው ዳር ዳር ነጭ ስስ ሻጋታ ይታያል። ግንዱም ላይ ጥቁር ቡናማ ቁስል ይወጣል። ከሁሉ በላይ የሚለየው ግን ፍጥነቱ ነው። የቀለበት በሽታ በሳምንታት የሚያደርገውን ምች በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል።

አራት ፎቶ፣ አንድ ተክል

አንድን ቅጠል ከላይ ብቻ የሚያሳይ ፎቶ ከእነዚህ አሻራዎች አብዛኞቹን ይደብቃል። ስለዚህ ለአንድ ተክል አራት ፎቶ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱም የራሱ ሥራ አለው።

የመጀመሪያው ሙሉ ተክሉን የሚያሳይ ነው። ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ብለው ከአፈሩ እስከ ጫፉ ያንሱት፤ ቢቻል ጎረቤት ተክሎችም ይግቡበት። ጉዳቱ ከታች ነው ወይስ ከላይ? አንድ ተክል ላይ ነው ወይስ መደዳውን ሁሉ? ይህን የሚመልሰው ይኸኛው ፎቶ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚረሳው እሱኑ ነው።

ሁለተኛው የተጎዳውን ቅጠል ከላይ፣ ሦስተኛው ያንኑ ቅጠል ከጀርባው የሚያሳይ ነው። ስልኩን በጣም ማስጠጋት ፎቶውን ያደበዝዘዋል፤ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ርቀው ጠባሳው ላይ በጣት ስክሪኑን ይንኩና ያንሱ፣ ማጉላቱ ቀጥሎ ይመጣል። አጠገቡ አንድ ሳንቲም ቢያስቀምጡ የሚያየው ሰው የጠባሳውን መጠን ሳይገምት ያውቃል። ፍላሽ አይጠቀሙ፤ የቅጠሉን ገጽ ያንጸባርቅና ስሱን ሻጋታ ያጠፋዋል። በቢጫ አምፖል ሥር የተነሳ ፎቶ ደግሞ ጤነኛውንም ቅጠል ቢጫ ያደርገዋል። የሚሻለው የጠዋት ብርሃን ነው፤ የምች ነጭ ሻጋታም የሚታየው ጠል ሳይደርቅ በፊት ነውና።

አራተኛው ፎቶ ብርሃንን ከኋላ አድርጎ የሚነሳው ነው። ቅጠሉን ቀንጥሰው ወደ ሰማይ ያንሱና ፀሐዩ በቅጠሉ በኩል እንዲመጣ አድርገው ያንሱት። የቱታ ቁፋሮ ከሆነ የተበላው ቦታ ያበራል፤ ውስጡ ጥቁር ኩስ፣ አንዳንድ ጊዜም ትሉ ራሱ ጥላ ሆኖ ይታያል። የፈንገስ ወይም የምች ጠባሳ ግን የሞተ ሥጋ እንጂ ባዶ ቦታ ስላልሆነ ብርሃን እንዲህ አያሳልፍም፤ ኩስም የለበትም። ጥርጣሬ ካለ ጠባሳውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል አሸት ማድረግ ነው። በቱታ የተበላ ቅጠል ሁለቱ ቆዳዎቹ እንደ ስስ ወረቀት ይላቀቃሉ።

ፎቶውን በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርገው ይላኩት። እንደ ፎቶ ከተላከ መጠኑ ይቀነስና ቀለበቱም ኩሱም ይደበዝዛል።

ከቢሾፍቱ የመጣ ፎቶ

አሁን አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከተል። እንበልና አንድ ጡረተኛ አጎት ቢሾፍቱ ጓሯቸው ውስጥ ሃያ የቲማቲም ተክል አላቸው። ወሩ መስከረም ሊያልቅ ነው፤ ዝናቡ እየራቀ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ግን ጠል አለ። አዲስ አበባ ላለች የእህታቸው ልጅ አንድ ቡናማ ቅጠል አንስተው ይልካሉ፤ ልጅቱ አትክልት ስለምታውቅ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ቲማቲሙን ምች መታብኝ መሰለኝ። ሱቅ ሄጄ የምች መድኃኒት ልግዛ?»

«ጋሼ፣ አይግዙ፣ ትንሽ ይታገሡኝ። መጀመሪያ ከራቅ ብለው ተክሉን በሙሉ ያንሱልኝ። ከዚያ ቅጠሉን ገልብጠው፣ ቀጥሎም ወደ ፀሐይ አንስተው ያንሱት። ሁሉንም ነገ ጠዋት፣ ጠሉ ሳይደርቅ።»

በማግሥቱ ፎቶዎቹ ይመጣሉ። ሙሉ ተክሉን የሚያሳየው ፎቶ ላይ የታችኞቹ አራት አምስት ቅጠሎች ቢጫና ቡናማ ናቸው፤ መሐሉ በአብዛኛው አረንጓዴ ነው፤ ከላይ ግን ለጋው አካባቢ ሌላ ቡናማ አለ። ልጅቱ ገና እዚህ ላይ አንድ ነገር ትጠረጥራለች። አንድ በሽታ ከታች ተነስቶ ሲወጣ መሐሉን ዘሎ ከላይ ብቻ ብቅ አይልም። ምናልባት ሁለት ነገር ነው።

የታችኛውን ቅጠል ቅርብ ፎቶ ስታጎላ ቀለበቶቹ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ዙሪያቸው ቢጫ ነው፤ ጀርባው ላይ ነጭ ሻጋታ የለም። ይህ የቀለበት በሽታ ነው። የላይኛው ቅጠል ወደ ፀሐይ ተነስቶ የተወሰደው ፎቶ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ ብርሃን የሚያሳልፉ ሁለት ቦታዎችና በውስጣቸው ጥቁር ነጠብጣብ። ይህ ቱታ ነው። ቀሪው ጥያቄ ምች ነው፤ አጎትየው የጠሩት እሱን ነበርና በወቅቱም ሊመጣ ይችላል።

ለእርግጠኝነት አንድ ቀላል ፈተና ታዛቸዋለች። «ጋሼ፣ የጠቆረውን ቅጠል አንዱን ቀንጥሰው ፌስታል ውስጥ ይክተቱት። ትንሽ የረጠበ ሶፍት አብረው ይጨምሩበትና አፉን አስረው ቤት ውስጥ ያሳድሩት። ፀሐይ እንዳያገኘው።» ምች ከሆነ ያ እርጥበት ሲመቸው በጠባሳው ጠርዝ፣ በቅጠሉ ጀርባ፣ ነጭ ሻጋታ በአንድ ሌሊት ወይም በሁለት ይወጣል። የአጎትየው ቅጠል በሦስተኛው ቀንም ነጭ ነገር አላወጣም። የምች መድኃኒት ቢገዙ ኖሮ ቱታው ሳይነካ ይቀጥል ነበር፤ ገንዘባቸውም ያልነበረ በሽታ ላይ ይወጣ ነበር።

ከርጭት በፊት እጅ

የአጎትየው ሥራ የሚጀምረው በመቀስ ነው። ቀለበት የወጣባቸውን የታችኛ ቅጠሎች ከግንዱ አጠገብ ይቆርጣሉ፤ ከዚያም በላይ ወደ አፈሩ የተጠጉትን፣ ከመሬት እስከ 30 ሳንቲሜትር ያሉትን ጤነኛ ቅጠሎች ጭምር ያነሳሉ። የፈንገሱ መወጣጫ እነሱ ናቸውና። በአንድ ቀን ከተክሉ ቅጠል ከሲሶ በላይ መቁረጥ ግን አይገባም፤ ተክሉ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው፣ ፍሬውም ድንገት ለፀሐይ ከተጋለጠ ይቃጠላል። ቅጠሉ የሚቆረጠው ጠሉ ከላዩ ከደረቀ በኋላ ነው፤ በጠልና በዝናብ ጊዜ መቁረጥ በሽታውን በእጅና በመቀስ ማዛመት ነው። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሻገሩ መቀሱን በአልኮል መጥረግ ይበቃል።

ቅጠሉ ከተነሳ በኋላ አፈሩ ላይ ደረቅ ሣር ወይም ጭድ ይነጠፋል፤ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ አፈሩ እንዳይፈናጠር ይከለክላል። ውሃ ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይፈስም፤ ጠዋት ነው የሚጠጣው፣ ማታ ከሆነ ቅጠሉ ሌሊቱን እርጥብ ያድራልና። ተክሎቹ ተጣብቀው ከሆነ በካስማና በገመድ ተደግፈው ነፋስ መሐላቸው እንዲያልፍ ይደረጋል። ለቀለበት በሽታ በጓሮ ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ይበቃል። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ቦታ ላይ ቲማቲም፣ ድንችም፣ ቃሪያም ሳይሆን ባቄላ ወይም ጎመን ይዘራል፤ ፈንገሱ ሌላ የሚበላው ሲያጣ ይደክማል።

ለቱታ ደግሞ የመጀመሪያው መድኃኒት ጣት ነው። ሃያ ተክል ላለው ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ እየዞረ የተቆፈሩትን ቅጠሎች መቀንጠስ፣ ወይም ትሉን ቅጠሉ ውስጥ እንዳለ ማፍረጥ፣ ከብዙ ርጭት ይበልጣል። የተለቀመው ቅጠል ኮምፖስት ላይ አይጣልም፤ ትሉ እዚያው ወደ ራትነት ተለውጦ ይወጣል። በጥቁር ፌስታል ታስሮ ሁለት ሳምንት ያህል ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። የተበሳው ፍሬም እንዲሁ።

ከለቀማው በኋላ ርጭት ካስፈለገ ሁለት ቀላል አማራጮች አሉ። አንደኛው ቢቲ ይባላል፤ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተሰኘ የአፈር ባክቴሪያ ነው። የእሳት ራትና የቢራቢሮ ትል ከቅጠሉ ጋር ሲበላው አንጀቱን ይጎዳዋል፤ በሰውና በንብ ላይ ግን እንዲህ አይሠራም። የሚገድለው የበላውን ትል ብቻ ስለሆነ ዘልቆ የገባውን ሳይሆን አሁን ተፈልፍሎ ሊገባ ያለውን፣ ወይም ከአንዱ ቅጠል ወጥቶ ወደ ሌላው የሚሻገረውን ነው የሚያገኘው። በፀሐይ ቶሎ ስለሚጠፋ ማታ ይረጫል፤ በየሳምንቱም ይደገማል። ሁለተኛው ኒም ነው። ዛፉ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ቆላ ቦታዎች ስላለ ፍሬው ይገኛል። የደረቀ የኒም ፍሬ ውስጥ ያለውን 50 ግራም ዘር ወቅጦ በ1 ሊትር ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ በጨርቅ ማጥለል፣ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና እንዲጣበቅ ጨምሮ በዚያው ማታ መርጨት ነው። ኒም ትሉን ወዲያው አይጥለውም፤ ምግብ ያስጠላዋል፣ እድገቱንም ያደናቅፋል። የተረፈው ለነገ አይቀመጥም።

የሳሙና ውሃ ለሁሉ ነገር ይመከራል፤ ይሁን እንጂ የሚሠራው አካሉ ለስላሳ የሆነ ነፍሳት ላይ፣ ያውም በነካው ላይ ብቻ ነው። በጎመን ቅጠል ጀርባ ተጣብቆ ለሚገኘው ክሽክሽ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃዋል። ቱታ ግን በሁለት ቆዳ መካከል ስላለ ሳሙናው አይደርስበትም። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና ደግሞ ቅጠል ያቃጥላል፤ አይሞከር። ማንኛውንም የቤት ውህድ መጀመሪያ በአንድ ቅጠል ላይ ረጭቶ አንድ ቀን ማየት ያስፈልጋል።

ምች ቢሆን ኖሮስ?

የፌስታሉ ቅጠል ነጭ ሻጋታ ቢያወጣ ኖሮ የአጎትየው ሥራ ሌላ ይሆን ነበር። ምች አንድ ቅጠል ላይ ሲታይ ያልታየው ብዙ ነው፤ ዘሩ በነፋስና በዝናብ ይበተናል፤ እርጥበቱ ከቀጠለ መደዳው በሙሉ በሳምንት ውስጥ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የተመታው ተክል ጥቂት ከሆነ ሥሩ ድረስ ተነቅሎ በፌስታል ታስሮ ይወገዳል፤ ብዙ ከሆነ ደግሞ ጤነኛው ፍሬ ተለቅሞ ይሰበሰባል። ጠባሳ የሌለበት ፍሬ ይበላል።

አመድ መነስነስም ሆነ ቤኪንግ ሶዳ መርጨት ምችን አያስቆምም። ኮፐር ያለበት ፀረ ፈንገስ ሊጠቅም ይችላል፤ ግን የሚሠራው ቅጠሉ ላይ ሽፋን ሆኖ ነው፣ ምች ሳይገባ በፊት። ከገባ በኋላ ሲረጩት የሚከላከለው ገና ያልተመታውን ቅጠል ብቻ ነው። ክረምቱ ረጅም በሆነበት ቦታ ርካሹ መከላከያ ከቲማቲሙ በላይ የሚዘረጋ ጎኑ ክፍት የሆነ ላስቲክ ነው። ምች ቅጠል ላይ ለመያዝ ለሰዓታት የቆየ ውሃ ይፈልጋልና፣ ቅጠሉ ካልረጠበ ዘሩ ቢያርፍበትም አይበቅልበትም።

ከሱቅ ሲገዙ

አንዳንድ ጊዜ ጉዳቱ ከእጅ በላይ ይሆንና የኬሚካል መድኃኒት መግዛት ግድ ይሆናል። ያን ጊዜ ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። የመጀመሪያው፣ ዕቃው የፋብሪካው መለያ ጽሑፍ ያለበት ይሁን፤ በውሃ ፕላስቲክ ተከፋፍሎ የሚሸጥ መድኃኒት ምን እንደሆነና ስንት እንደሚበረዝ የሚያውቅ የለም፣ ሕፃን ደግሞ መጠጥ መስሎት ያነሳዋል። ሁለተኛው፣ መለያው ላይ «ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ» የሚለውን የቀን ቁጥር ያንብቡ። ቲማቲም በየሁለት ሦስት ቀኑ የሚለቀም ፍሬ ስለሆነ ቁጥሩ 7 ቀን ካለ እነዚያ ሰባት ቀናት ምንም አይለቀምም፤ ይህን መጠበቅ የማይችል ሰው ያን መድኃኒት ባይገዛ ይሻለዋል። ሦስተኛው፣ መድኃኒቶችን አይደባልቁ። ያልታወቀ ችግር ሲያጋጥም ማንኮዜብ የተባለውን ፀረ ፈንገስና የነፍሳት መድኃኒትን በአንድ መርጫ አደባልቆ መርጨት በየመንደሩ የተለመደ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ግን የማንኮዜብን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2020 በወሰደው ውሳኔ ሳያድሰው ቀርቷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የጤና ስጋቱ ነው። ቱታም ብዙዎቹን ዋነኛ የነፍሳት መድኃኒቶች፣ በተለይ ፓይረትሮይድ የሚባሉትን፣ በየአገሩ ተላምዷቸዋል። ተደባልቆ የተረጨው ነገር የሚገድለው ብዙ ጊዜ ቱታን ሳይሆን የቱታን እንቁላል የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳት ነው።

ሲረጩ ረጅም እጅጌ፣ ጓንትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ወይም ማታ ይረጫል፤ ያ ሰዓት ንቦችም አበባ ላይ የሌሉበት ነው።

ፎቶ የማያሳየው

አንዳንድ ችግር በአራት ፎቶም አይገለጽም። ቲማቲሙ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት ከጠወለገ፣ አፈሩም እርጥብ ከሆነ፣ ችግሩ ግንዱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጦ በጠራ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ማንጠልጠል ነው። ከደቂቃዎች በኋላ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ይህን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ተክሉ ይነቀላል፣ ያ ቦታም ለዓመታት ቲማቲም አይተከልበትም። ተክሉ ደክሞ ክሩ ግን ካልታየ ደግሞ አንዱን ነቅሎ ሥሩን ማየት ነው፤ በሥሩ ላይ ያበጡ እጢዎች ከታዩ ችግሩ ኔማቶድ የተባሉ በዓይን የማይታዩ የአፈር ትሎች ናቸው።

ፍሬው ብቻ ከታች፣ ከአበባው በኩል፣ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ከደረቀ ደግሞ በሽታም ተባይም የለም። ካልሲየም ወደ ፍሬው በበቂ አልደረሰም ማለት ነው፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት አንድ ጊዜ አድርቆ አንድ ጊዜ አጥለቅልቆ ማጠጣት ነው። መድኃኒቱ ውሃውን ማስተካከል ብቻ ነው።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም?

የተጎዳ ቅጠል መልሶ አይድንም። የቀለበቱ ጠባሳ ከተረጨ በኋላም ባለበት ይቀራል፤ የቱታ ቁፋሮም አይሞላም። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ «አልሠራም» ብሎ መድኃኒቱን በእጥፍ ይረጫል። መታየት ያለበት አሮጌው ቅጠል ሳይሆን አዲሱ ነው። አጎትየው ሥራቸውን በጀመሩ ቀን በአምስት ተክሎች ላይ ከላይ ሦስተኛውን ቅጠል በቀይ ክር ያስራሉ። ከአሥር ቀን በኋላ ከክሩ በላይ የበቀሉትን ቅጠሎች ብቻ ያያሉ፤ እያንዳንዱንም ወደ ፀሐይ አንስተው ፎቶ ያነሳሉ።

ከክሩ በላይ ያለው ሁሉ ንጹሕ ከሆነ ለቀማውን ብቻ ይቀጥላሉ፤ ርጭት አያስፈልግም። ከአምስቱ ተክሎች ከአንድ እስከ ሦስት በሚሆኑት ላይ አዲስ ቁፋሮ ካለ በሳምንት ሁለት የነበረውን ለቀማ ሦስት ያደርጉታል፤ ቢቲም አንድ ዙር ይረጫሉ። በአራቱ ወይም በአምስቱም አዲስ ቁፋሮ ከታየ ግን ራቶቹ ከጎረቤት እየመጡ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ብቻቸውን ቢለቅሙ ቢረጩ ዋጋ የለውም፤ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተመካክረው አሮጌውን ቲማቲም በአንድ ሳምንት ነቅለው ማስወገድና የሚቀጥለውን ችግኝ ቀዳዳው ደቃቅ በሆነ መረብ ሥር ማሳደግ ይኖርባቸዋል።